ሐ ከለ፣ ሀ ከመ በምን ይለያል? የማይቶሲስን ሥዕል ማንበብ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልን። የምንኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ልጄ የባዮሎጂ ፈተና ላይ አንድ ሴል ለሁለት የሚከፈልበትን የማይቶሲስን ደረጃዎች የሚያሳዩ፣ ከሀ እስከ ረ የተሰየሙ ስድስት ሥዕሎች ተቀላቅለው ቀርበውላት በቅደም ተከተል አስቀምጪ ተብላ ነበር። ለን ፕሮፌዝ፣ ሐን ቴሎፌዝ ብላ ሁለቱን አገላብጣ ጻፈች። መ ላይ ስንት ክሮሞሶም አለ ለሚለው ደግሞ 4 ብላ መልሳ፣ 8 ነው ተብሎ ተሰረዘባት። ሴሉ 4 ክሮሞሶም እንዳለው ግን እዚያው ጥያቄው ላይ ተጽፏል። 8 ከየት መጣ? ደረጃዎቹንስ ሳያምታቱ መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? ሥዕሉን አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከ8ቱ ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ ቅደም ተከተሉም ግማሽ በግማሽ ይፈታልና። መልሱ 8 መሆኑ ትክክል ነው። ክሮሞሶም የተጠቀለለ የዲኤንኤ ክር ሲሆን፣ የሚቆጠረው በሴንትሮሜሩ ነው። ሴንትሮሜር ማለት ክሮሞሶሙ ጠበብ ብሎ የሚታይበት ቦታ ሲሆን፣ በላኩት ሥዕል ላይ በጥቁር ነጥብ ተመልክቷል። ሥዕል ሀ ላይ አንዱን የመስቀል ቅርጽ ያለው ክሮሞሶም ልጅዎ በጣቷ ትከተለው። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ሆነው ነጥቡ ላይ ተጣብቀዋል። እነዚህ ዘንጎች ክሮማቲድ ይባላሉ፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ስለሆነ እህት ክሮማቲዶች ተብለዋል። ዘንጉ ሁለት ቢሆንም የተጣበቁበት ነጥብ አንድ ነው፤ ስለዚህ እንደ አንድ ክሮሞሶም ይቆጠራል። እንዲህ ያሉ 4 መስቀሎች አሉ፤ 4 ክሮሞሶም፣ 8 ክሮማቲድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥዕል መ ትሂድ። እዚያ አንድም መስቀል የለም። ተጣብቀው የነበሩት እህቶች ተላቀው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ነጥብ ይዘው ወደ ሁለት አቅጣጫ እየሄዱ ነው። ወደ ላይ 4 ነጥብ፣ ወደ ታች 4 ነጥብ። ከተላቀቁበት ቅጽበት ጀምሮ እያንዳንዱ ዘንግ ራሱን የቻለ ክሮሞሶም ይባላል፤ ስለዚህ ሴሉ ለጊዜው 8 ክሮሞሶም አለው። አዲስ የተፈጠረ ነገር የለም፤ የተለወጠው መቁጠሪያው ነው። ጥያቄው ላይ የተጻፈው 4 መከፋፈል ከመጀመሩ በፊት ያለው ቁጥር ሲሆን፣ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ልጅ ሴል መልሶ 4 ይደርሰዋል። በሰው ቢሆን 46 የነበረው፣ ሥዕል መ በሚያሳየው አናፌዝ በሚባል ደረጃ ላይ 92 ይሆንና ተመልሶ 46፣ 46 ሆኖ ይካፈላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። ቅጂው የተሠራው መቼ ነው? መስቀል የሚታየው መከፋፈሉ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ብዙዎች በመጀመሪያው ደረጃ፣ በፕሮፌዝ ላይ የተባዛ ይመስላቸዋል። ዲኤንኤው የተባዛው ግን ከዚያ በፊት፣ ሴሉ ገና መከፋፈል ባልጀመረበት በኢንተርፌዝ ውስጥ፣ ኤስ በሚባለው ክፍል ነው። የእርስዎ ሥዕል ሠ ያ ኢንተርፌዝ ነው፤ ክብ ኒውክሊየስ፣ ውስጡ እንደ ተበጠረ ጥጥ የደበዘዘ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ኒውክሊዮለስ። ሥዕሉ ቅጂው መሠራቱን አያሳይም፤ ሊያሳይም አይችልም፤ ክሩ ገና ስላልተጠቀለለ በተራ ማይክሮስኮፕ ተለይቶ አይታይምና።

የሚጠቀለልበትን ምክንያት ፈትል የፈተለ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። አንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። የተዘረጋ ፈትልን ክምር ለሁለት ሰው እኩል ላካፍል ቢሉ ይወሳሰባል፣ ይበጠሳል። በልቃቂት በልቃቂት ከተጠቀለለ ግን ቆጥሮ ማካፈል ነው። ፕሮፌዝ ማለት ይህ ጥቅለላ ነው። ሥዕል ሐ ላይ ኒውክሊየሱ ገና አንድ ነው፣ ውስጡ ግን በደበዘዘው ጥጥ ፋንታ ወፋፍራም ክሮች ወጥተዋል፤ ኒውክሊዮለሱ ጠፍቷል፤ የኒውክሊየሱ ሽፋን በሰረዝ ሰረዝ መሣሉም መፍረስ መጀመሩን ለማሳየት ነው። ስለዚህ ሐ ፕሮፌዝ ነው።

ቀጥሎ ረ ይመጣል። ሽፋኑ የለም፣ መስቀሎቹ ተበታትነው ያለ ሥርዓት ተቀምጠዋል፣ ከሁለቱ ጫፍ የመጡ ክሮችም ሴንትሮሜሮቹን ይዘዋቸዋል። እነዚህ የእንዝርት ክሮች ናቸው። ስሙ የቅርጹ ነው፤ ክሮቹ በአንድነት ሲታዩ ፈትል የተጠቀለለበትን እንዝርት ይመስላሉ፣ መሐሉ ወፍሮ ሁለቱ ጫፎቹ ሾለዋል። ይህ ደረጃ ፕሮሜታፌዝ ይባላል። አንዳንድ መጽሐፍ ለብቻው አይቆጥረውም፤ የፈተናው ምርጫ ውስጥ አራት ስም ብቻ ካለ ረን የፕሮፌዝ መጨረሻ ብሎ መውሰድ ነው። ልጅዎ በዚህ ብትደናገር አይፈረድባትም።

ሥዕል ሀ ሜታፌዝ ነው። አራቱ መስቀሎች ሴሉ ወገብ ላይ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የሚደረደሩበት ምክንያት ቢገባት ደረጃውን አትረሳውም። አንዷን እህት ክሮማቲድ ከላይ የመጣ ክር ይዟታል፣ ሌላዋን ከታች የመጣ ክር ይዟታል። ሁለቱም ይስባሉ፤ እህቶቹ ግን ኮሂዚን በሚባል ፕሮቲን ስለታሰሩ አይላቀቁም። እኩል ኃይል ያላቸው ሁለት ወገኖች ገመድ ሲጓተቱ መሐል ላይ እንደሚቆም ሁሉ ክሮሞሶሙም ወገቡ ላይ ይቆማል። ሴሉ አንዱ ክሮሞሶም እንኳ ከሁለቱም ወገን ካልተያዘ አይቀጥልም፣ ይጠብቃል። ሁሉም ሲያዙ ማሰሪያው ኮሂዚን ይቆረጣል፤ እህቶቹም ባንድ ጊዜ ይለያያሉ። ይሄኔ አናፌዝ ይጀምራል።

አናፌዝን በቅርጽ ለመለየት ከሁሉ የሚረዳው የዘንጉ እጥፋት ጫፍ ወዴት እንደሚያመለክት ማየት ነው። ክሩ የሚስበው ሴንትሮሜሩን ስለሆነ ሴንትሮሜሩ ይቀድማል፣ እጆቹ ከኋላ ይጎተታሉ። ልብስ መሐሉን ይዘው ሲጎትቱት ሁለቱ ጫፎች ከኋላ እንደሚከተሉት ማለት ነው። ሴንትሮሜሩ መሐል ላይ ከሆነ ዘንጉ እኩል ይታጠፋል፤ ወደ አንድ ጫፍ ከቀረበ አንዱ እጅ አጥሮ ሌላው ረዝሞ መንጠቆ ይመስላል። በእርስዎ ሥዕል መ ላይ ሁለቱ ረጃጅሞች እኩል ታጥፈዋል፣ ሁለቱ አጫጭሮች መንጠቆ መስለዋል፤ የእጥፋታቸው ጫፍ ሁሉ ወደ ሴሉ ዳርና ዳር ያመለክታል። ይህ ካለ አናፌዝ ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች ገና ብዙም ባይራራቁ እንኳ።

የቀረው ለ ነው፤ ቴሎፌዝ። ሁለቱ ቡድኖች ዳር ደርሰዋል፣ በየቡድኑ ዙሪያ ሽፋን እየተሠራ ነው፣ ክሮቹ መልሰው እየተፈቱ ነው። መሐል ላይም መለያ መስመር ጀምሯል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ሠ፣ ሐ፣ ረ፣ ሀ፣ መ፣ ለ ይሆናል።

ልጅዎ ሐን እና ለን ያገላበጠችበት ምክንያት ከሥዕሉ ይታያል፤ በሁለቱም ላይ ግማሽ የተጠቀለለ ክርና ያልተሟላ ሽፋን አለ። አንዱ ሊፈርስ የተቃረበ፣ ሌላው ሊሠራ የጀመረ ነው፤ በቆመ ሥዕል ላይ ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ክሩንና ሽፋኑን ትታ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፦ በዚህ ሴል ውስጥ ስንት የክሮሞሶም ስብስብ አለ? አንድ ከሆነ ፕሮፌዝ፣ ሁለት ከሆነ ቴሎፌዝ ነው። ከዚያ ማረጋገጫ ከፈለገች ሴሉን ትመልከት። የቴሎፌዝ ሴል ብዙውን ጊዜ ረዘም ብሎ መሐሉ መከፈል ጀምሯል፤ ሁለቱ ኒውክሊየሶች ትናንሽና ትይዩ፣ በመስታወት ፊት እንደቆሙ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው። የፕሮፌዝ ኒውክሊየስ ግን አንድ ሆኖ ትልቅ ነው፤ አጠገቡ ካሉት ኢንተርፌዝ ኒውክሊየሶችም ይበልጣል።

ሜታፌዝና አናፌዝ የተምታቱ እንደሆነ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፦ መስቀል አለ ወይስ ነጠላ ዘንግ? መስቀል ካለ እህቶቹ አልተለያዩም፤ ሜታፌዝ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ነጠላ ዘንግ ከሆነ አናፌዝ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮሜታፌዝን ከሜታፌዝ የሚለየው መደርደራቸው ብቻ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል የጠየቀ ተማሪ ስም መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ስብስቡ አንድ ነው ወይስ ሁለት፣ ዘንጉ ጥንድ ነው ወይስ ነጠላ፣ የተደረደረ ነው ወይስ የተበተነ።

መለያ መስመሩንም ልብ ትበል፤ ሴሉ የምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የእንስሳ ሴል ከውጭ ወደ ውስጥ ይጠብቃል፣ መሐሉን በገመድ እንደታሰረ ጆንያ። የዕፅዋት ሴል ግን ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ አይታጠፍም፤ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር የሚያድግ አዲስ ግድግዳ ይሠራል፣ ሴል ፕሌት የሚሉት ነው። የእርስዎ ሥዕል ለ መሐል ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስላለውና ሴሉ አራት ማዕዘን ስለሆነ የዕፅዋት ነው። በእንዝርቱ ጫፎች ላይ ሴንትሪዮል የሚባሉት ጥንድ አካላት አለመሣላቸውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ አበባ ያላቸው ዕፅዋት የሏቸውም።

ለሚቀጥለው ፈተና አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቅ። ከማይቶሲስ ሥዕሎች ጋር የማዮሲስ፣ ማለትም የዘር ሴሎች የሚገኙበት መከፋፈል፣ አንድ ሥዕል ቀላቅለው ይጠይቃሉ። 4 ክሮሞሶም ባለው በዚሁ ሴል ብናስበው፣ ማይቶሲስ ሜታፌዝ ላይ አራቱ መስቀሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በአንድ መስመር ይቆማሉ። በመጀመሪያው ማዮሲስ ግን ረጅሙ ከረጅሙ፣ አጭሩ ከአጭሩ ጋር ተጣምረው፣ ሁለት ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አናፌዝ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ግልጽ ነው፤ በማይቶሲስ በየዳሩ 4 ነጠላ ዘንግ፣ በመጀመሪያው ማዮሲስ በየዳሩ 2 መስቀል። ስለዚህ ሁለት ስብስብ ዓይታ አናፌዝ ከማለቷ በፊት የሚሄደው ነገር ነጠላ ነው ወይስ መስቀል ብላ ትመርምር። ቀለም አያታልላት፤ አንዳንድ ሥዕል ላይ ረጅሙ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ የሚሆነው ከእናትና ከአባት የመጡትን ለመለየት እንጂ እህት ክሮማቲዶችን ለማሳየት አይደለም። የእህት ክሮማቲዶች ቀለም አንድ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕና ቤተ ሙከራ ካለው ሥዕሉን በእውነተኛ ሴል ብታስተያየው ብዙ ነገር ይገባታል። ቀይ ሽንኩርት ከገበያ በቀላሉ ይገኛል፤ የክሮሞሶሙ ቁጥር 16 ነው። ባቄላ ግን ለመቁጠር ይሻላል፤ 12 ብቻ ናቸው፣ ትልልቆችም ናቸው። ጤፍ 40 ትናንሽ ክሮሞሶም ስላለው ለጀማሪ አይመከርም። ሽንኩርቱን አሮጌ ሥሩን ፋቅ አድርጎ በስቴኪኒ ደግፎ ብርጭቆ አፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ታቹ ብቻ ውኃ እንዲነካ። ሥሩ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይቆረጣል። የጎንደር ሌሊት ቀዝቀዝ ስለሚል ከ2 ቀን ይልቅ እስከ 4 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ብርድ የሴል መከፋፈልን ያዘገያል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መምህሩ ወይም የቤተ ሙከራ ባለሙያው ነው የሚሠራው፣ አሲድ ስላለበት። የተቆረጠው ሥር በ1 እጅ ግላሲያል አሴቲክ አሲድና በ3 እጅ አልኮል ድብልቅ ውስጥ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ሴሎቹ በነበሩበት ደረጃ እንዲቆሙ ነው። ቀጥሎ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይገባል፤ ይህ ሴሎቹን እርስ በርስ የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል። ታጥቦ በአሴቶካርሚን ወይም በአሴቶ-ኦርሲን ይቀልማል፤ የጫፉ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስላይድ ላይ ቀርቶ ሌላው ይጣላል። በሽፋን መስታወት ተሸፍኖ፣ ወረቀት ተደርቦበት በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይጫናል።

ውጤቱ ሲበላሽ ምን እንደጎደለ ከሚታየው ነገር ይታወቃል። ሴሎቹ ሁሉ ረጃጅም ሆነው አንድም ክሮሞሶም ካልታየ የተወሰደው ከጫፉ ርቆ ነው፤ የሚከፋፈሉት ሴሎች ያሉት ጫፉ አጠገብ ብቻ ነውና። ሴሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው ጥቁር ክምር ከሆኑ አሲዱ ላይ ጥቂት ቆይቷል ወይም አልተጫነም። ቀለሙ ከደበዘዘ አሲዱ ላይ በዝቶ ቆይቷል ወይም ማቅለሚያው አጥሯል። ክሮሞሶሞቹ ከሴሉ ውጭ ተበታትነው ወይም በአንድ አቅጣጫ ተጎትተው ከታዩ መስታወቱ ሲጫን ተንሸራቷል።

በ400 እጥፍ ማጉያ ስታይ መጀመሪያ የሚገርማት የኢንተርፌዝ ብዛት ይሆናል። መከፋፈሉ የሴሉ ዕድሜ ትንሹ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚራባ የሰው ሴል ለምሳሌ ከ24 ሰዓት ገደማ ዑደቱ ለማይቶሲስ የሚያውለው 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከሚከፋፈሉት ውስጥ ፕሮፌዝ በብዛት ይገኛል፣ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፤ አናፌዝ ግን ቶሎ ስለሚያልፍ ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥዕል ላይ ሁሉም እኩል ቦታ መያዛቸው እኩል ጊዜ የሚወስዱ ያስመስላል፤ ስላይዱ ይህን ያርመዋል። ሌላው፣ ሜታፌዝ ሁልጊዜ በመስመር አይታይም። ሴሉ ጫፉን ወደ ዓይን አድርጎ ከተኛ የተደረደሩት ክሮሞሶሞች ከላይ ሲታዩ ክብ ወይም የተበታተኑ ይመስላሉ፤ ፕሮሜታፌዝ ነው ብላ እንዳትቸኩል፣ አጠገቡ በጎኑ የተኛ ሴል ፈልጋ ታስተያየው።

አናፌዝ ካገኘች ደግሞ በአንደኛው ዳር ያሉትን ብቻ ትቁጠር። በሽንኩርት 16፣ በባቄላ 12 መድረስ አለበት፤ ሁለቱ ዳር ሲደመር 32 ወይም 24። ከዚያ ካነሰ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው፤ የማጉያውን ማስተካከያ ቀስ ብላ ወደ ላይና ወደ ታች ስታዞር ከሥር ያለው ይወጣላታል።